የአራተኛው ጥያቄ ጸሐፊ

የሰደበኝን ሰው አውቀዋለሁ። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ የቆምንበትንም ቦታ አውቃለሁ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ የጉድጓድ ውሃ በምትጠጣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ በር ላይ የቆመው ሚዛን ሁልጊዜ ወደ ግራ በሚያዘነብልበት ሱቅ ደጃፍ። ባለሱቁ፣ ሚስቱና ሦስት ገበያተኞች ምስክር ናቸው። እሱ ከድርጅታችን ዋና መሥሪያ ቤት የመጣ ወጣት የማስታወቂያ ኃላፊ ነበር፤ ሰማያዊ ከረባት አድርጓል። እኔ የሳሙና ካርቶን በትከሻዬ ተሸክሜአለሁ።

«ጌታዬ፣ ችግሩ ማስታወቂያው አይደለም፤ ውሃው ነው» አልኩት።

ካርቶኑን አስቀምጥ እንኳ ሳይለኝ፣ «ስማ» አለኝ። «አንተ የድርጅቱ እግር ነህ። እግር ይሄዳል እንጂ አያስብም። ማሰቡን ለኛ ተወው።»

ሰው ሳቀ። የባለሱቁ ሚስት ብቻ አልሳቀችም፤ ይህንንም አልረሳሁላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሙናው ከውጭ የመጣ የገላ ሳሙና ነበር። አብሮት አንድ ፎቶግራፍ መጣ፦ አንዲት ወጣት ብቻዋን፣ አረፋ እስከ አንገቷ ውጧት ትስቃለች፣ ከሥሯ «ለራሴ» የሚል ጽሑፍ አለ። ይኸው ፎቶ በሌላ አገር ሳሙናውን እንደ ጉድ አስሸጦታል ተባለ። ስለዚህ አንዲት ፊደል ሳይለወጥ እኛም አገር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

እየዞርኩ የምሸጥባቸው ስድስት ከተሞች ነበሩ። ሦስቱ ወንዝ ዳር ናቸው፤ እዚያ ሳሙናው አልቆ ጨምር አሉኝ። ሦስቱ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ናቸው፤ እዚያ ደግሞ ሴቶቹ ሳሙናውን እፊቴ ያሹና «እየው፣ አረፋው የታለ? እርጎ እኮ ነው የሸጥክልን!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ያ ውሃ ሳሙና ሲነካው ይቋጠራል፤ ነጭ ነጭ ነገር ይሆንና ገላ ላይ ይጣበቃል። ማንቆርቆሪያቸውን ከፍታችሁ ብታዩ ውስጡ በኖራ የተለሰነ ይመስላል። ይህን በየወሩ በሪፖርት ቅጹ ላይ፣ «የከተማው ሁኔታ» በሚለው መዳፍ በማታክል ሳጥን ውስጥ ጻፍኩ። የሚያነበው አልነበረም። እኔም ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ማን ይሰማኛል።

ዋናው መሥሪያ ቤት ጥፋተኛ ያደረገው ፎቶዋን ነው። የኛ ሰው በቤተሰብ የሚኖር ሰው ስለሆነ «ለራሴ» የምትል ብቸኛ ሴት አትስበውም ተባለ። ፎቶዋን አንስተው እናት፣ አባት፣ አያትና አራት ልጆች ያሉበት ሌላ ለጠፉ። ካርቶኖቹ ከሦስቱ ከተሞች መመለሳቸውን ቀጠሉ። ሰባት ሰው አስታጥቦ አረፋ ያላወጣ ሳሙና! በዓመቱ ድርጅቱ ቅርንጫፉን ዘጋ፤ እኔም ጎዳና ላይ ወደቅሁ።

ዛሬ የአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ጠራዥ ነኝ። የተገነጠለ ሽፋን እለጥፋለሁ፣ የተበተነ ገጽ እሰፋለሁ። ያ ባለ ከረባት ሰው ከስድስት ዓመት በፊት ዶክተር ሆኖ እዚሁ ኮሌጅ መጣ፤ ዓለም አቀፍ ገበያ ያስተምራል። የተቀደዱ መጻሕፍቱን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር ያደርግና «ለሐሙስ» ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀንም አላወቀኝም። ቢጠላኝ ኖሮ ቢያንስ ትዝ እንደምለው አውቅ ነበር። እሱ ግን ረሳኝ። ጅብ እንኳ የነከሰውን አህያ ያስታውሳል።

እንግዲህ ወደ ልጅቷ ልምጣ። የማታ ተማሪ ነች፤ ቀን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት ከሱቁ ደረጃ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ፣ እስከ ክርኗ ጀሶ ገባ። የዶክተሩን ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ የምትፈተንበት ነበር፤ ሦስተኛ የለም። ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች፣ የአራት ዓመት የማታ ድካም ገደል ይገባል። በደንቡ መሠረት የሚጽፍላት ሰው ሊመደብ ይገባል። ደንቡ ደግሞ ጸሐፊው ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያለውና ትምህርቱን ጨርሶ የማያውቅ መሆን አለበት ይላል።

የፈተና ክፍሉን የምትመራው ሴትዮ — በጓሮ «እመት ደንብ» እንላታለን — ወርዳ እጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ጽሑፍዎ እንደ ማተሚያ ቤት ነው ይባላል። ዓለም አቀፍ ገበያ ተምረው ያውቃሉ?»

«እኔ የሰፈሩንም ገበያ በቅጡ አላውቅም» አልኳት።

«እንደርስዎ ያለ ሰው ነበር የምፈልገው» አለች፣ ደስ ብሏት። በድንቁርናዬ ተመርጬ ሥራ ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ፈተናው ቀን ከሰዓት በኋላ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ከዘጠኝ ሰዓት አልፎ የማያውቅ የግድግዳ ሰዓት። አንዲት ተቆጣጣሪ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። እመት ደንብ ቆማ ደንቡን አነበበችልኝ። የተባለውን ብቻ እጽፋለሁ። ስህተት ብትል ስህተቱን እጽፋለሁ። አላርምም፣ አልጨምርም፣ ራሴን አልነቀንቅም። «ሰርዝ» ስትል በአንድ መስመር እሰርዛለሁ፣ «አንብብ» ስትል አነብባለሁ። ሌላ ድምፅ ከአፌ አይወጣም።

ዶክተሩ ብቅ አለ። ልጅቷን «በርቺ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ዛሬ እጅ ነህ፣ እሺ? እጅ አስተያየት የለውም» አለና ሳቅ ብሎ ወጣ። በዐሥራ ስድስት ዓመት ከእግር ወደ እጅ አደግሁ። በዚህ አካሄድ ጭንቅላት ለመድረስ ዕድሜ አይበቃኝም።

ሦስቱን አጫጭር ጥያቄዎች አሳለፍን። አራተኛው ግማሹን ነጥብ የያዘ የጽሑፍ ጥያቄ ነበር፤ ከኋላው አምስት ገጽ ታሪክ ተያይዟል። ልጅቷ ለራሷ እንዲገባት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነብባለች።

«አንድ የሳሙና ድርጅት በአገር ‹ሀ› የተሳካለትን ማስታወቂያ ሳይለውጥ ወደ አገር ‹ለ› ወሰደ። ማስታወቂያው ብቻዋን የምትታጠብ ወጣት ያሳያል፤ መፈክሩ ‹ለራሴ› ነው...»

ብዕሩን አስቀምጬ እንደገና አነሳሁት።

«በአገር ‹ለ› ከስድስት ከተሞች በሦስቱ አብዛኛው ካርቶን ተመለሰ። ውድቀቱን በባህል መለኪያዎች አብራራ። ድርጅቱ አሠራሩን ወጥ ማድረግ ነበረበት ወይስ ማላመድ?»

ተከትሎ ሠንጠረዥ አለ፤ ሁለቱ አገሮች ግለኝነትን በመሳሰሉ ስድስት የባህል መለኪያዎች ያገኙት ቁጥር። ከዚያ የስድስቱ ከተሞች መግለጫ መጣ። ልጅቷ ገጽ አምስት ላይ ደርሳ እንዲህ አነበበች፦

«ከተማ አራት። ዐሥራ ስምንት ሺህ ሰው። ገበያዋ ቅዳሜ ነው። ውሃዋ የጉድጓድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ሳሙና ሲነካውም እንደ እርጎ ይቋጠራል።»

ይህ የኔ ቃል ነው። መዳፍ በማታክለው ሳጥን ውስጥ ጠቅጥቄ የጻፍኩት። ሰውዬው የድሮ ሪፖርቶቹን ገልብጦ ለፈተናው ማስጌጫ አድርጎታል፤ ምን እንደሚል ግን ዛሬም አላነበበውም።

ግራ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥሁበት። ቀኙን ብዕሩ ይዞታል፣ ግራው ግን ገጽ አምስትን ሊጠቁም ይችላል ብዬ ፈራሁ።

ልጅቷ መናገር ጀመረች። «ይጻፉ ጋሼ። ‹ወጥ አሠራር ማለት ድርጅቱ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ምርት፣ ስም፣ ዋጋና ማስታወቂያ መጠቀሙ ነው። ጥቅሙ ወጪ መቀነስና አንድ መልክ መያዝ ነው። ማላመድ ግን ለየአገሩ ልማድ፣ ሕግና አኗኗር መለወጥ ነው፤ ገዢውን ያቀርባል፣ ወጪው ግን ከፍ ይላል።›»

ጻፍኩ።

«‹አገር ሀ በግለኝነት ሰማንያ፣ አገር ለ ሃያ አግኝተዋል። በአገር ለ ሰው ራሱን የሚያየው እንደ ቤተሰቡ አባል ነው። ስለዚህ «ለራሴ» የሚለውን መፈክር አልተቀበሉትም። ማስታወቂያው ቤተሰብ በማሳየት መላመድ ነበረበት።›»

ይህንንም ጻፍኩ። እያንዳንዷ ፊደል ጥርስ እንደ መንቀል ሆነችብኝ። ያቺ ባለ ሰባት ሰው ፎቶ ዓይኔ ላይ መጣች፤ አያትየው ፎጣ ይዘው። ልንገራት? አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ደግሞ በዚያው ደቂቃ ስልኳ ጮኸና ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በሩ ተዘጋ። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

አልተናገርኩም። ለደንብ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። አንድ ጊዜ ተናግሬ ያገኘሁትን አውቃለሁ።

ልጅቷ ወረቀቱን በግራ እጇ ገለበጠች፣ መለሰች፣ እንደገና ገለበጠች። በጀሶዋ ጠረጴዛውን ቀስ እያለች ትመታለች።

«ቆይ» አለች፣ ለራሷ። «ስድስቱም ከተሞች እኮ አንድ አገር ውስጥ ናቸው።»

ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳሁ።

«ሃያው ቁጥር ለሁሉም ነው። ታዲያ ሦስቱ ለምን ገዙ?» ወደ ገጽ አምስት ተመለሰች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ወንዝ፣ ወንዝ፣ ወንዝ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ጉድጓድ፣ ጉድጓድ፣ ጉድጓድ። ሳቅ አመለጣት። «እኔ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ማንቆርቆሪያዬ ልክ እንደዚህ ነው! ጋሼ፣ ያለፈውን አንቀጽ ይሰርዙት። በአንድ መስመር።»

በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ መስመር አስምሬ አላውቅም።

«ይጻፉ። ‹የባህል መለኪያ ቁጥር የአንድ አገር አማካይ ነው። ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ከተማ አይናገርም። ስድስቱ ከተሞች የሚጋሩት ቁጥር አንድ ነው፤ ውጤታቸው ግን ሁለት ዓይነት ነው። የማይለያይ ነገር የሚለያየውን ሊያብራራ አይችልም። ከተሞቹን የሚለያቸው ውሃ ነው። መፈክሩም ያው፣ ፎቶውም ያው ሆኖ ወንዝ ዳር ተሽጧል። ስለዚህ በዚህ መረጃ ማስታወቂያውን ጥፋተኛ ማድረግ አይቻልም።›»

ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ ገባች። ልጅቷ አላየቻትም፤ ፊቷ በርቷል።

«‹ወጥ ወይስ ማላመድ የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ነገር አንድ መልስ የለውም፤ ለየክፍሉ መጠየቅ አለበት። ስሙ፣ መጠቅለያውና ማስታወቂያው ወጥ ሆነው ሊቆዩ ይችላሉ። መላመድ ያለበት የሳሙናው ቅመም ነው፤ እሱም በጉድጓድ ውሃ አካባቢ ብቻ። ይህ የባህል ሳይሆን የአጠቃቀም ሁኔታ ማላመድ ነው። ባህል ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም፤ ማስታወቂያው ሰውን ቅር ማሰኘት አለማሰኘቱን ማወቅ የሚፈልግ ድርጅት ገዢዎቹን ይጠይቅ፣ በቁጥር ብቻ አይፍረድ።›»

ሰዓት አለቀ። ወረቀቱን ስሰበስብ ገጽ አምስትን በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ «ይሄን የከተማ መግለጫ ማን እንደጻፈው እንጃ» አለችኝ። «ግን ዓይን ያለው ሰው ነው።»

ሌላ ድምፅ ከአፌ አይወጣም ተብያለሁ። አልወጣም።

በዘጠነኛው ቀን ጠሩን። ዶክተሩ አቤት ብሏል። የወረቀቱ ራስጌ ላይ በቀይ እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ከሃያው አራት። ጥርጣሬ አለኝ፤ መልሱ የተማሪዋ አይመስልም።» በእሱ የማረሚያ መመሪያ ስምንት ነጥብ መለኪያዎቹን ለዘረዘረ፣ ስምንት ነጥብ ማስታወቂያው ይላመድ ላለ፣ አራት ነጥብ ለማጠቃለያ ነው የሚሰጠው። ውሃ በመመሪያው ውስጥ የለም። አራቱ ለማጠቃለያው የተሰጣት ነው። በአራት ነጥብ ትወድቃለች፤ ማጭበርበር ከተባለ ደግሞ ወረቀቱ ተሰርዞ ልጅቷ ትባረራለች።

የኮሌጁ ምክትል ኃላፊ ቢሮ ረጅም ጠረጴዛ አለው። ምክትሏ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። እመት ደንብ ደንቧን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ዶክተሩ ፊት ለፊት፣ ልጅቷና እኔ ከበሩ በኩል።

«እንግዲህ ይናገሩ» አሉት ምክትሏ።

«በዚህ ጥያቄ የቀን ተማሪዎችን ለስድስት ዓመት ፈትኛለሁ» አለ ዶክተሩ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ ሲሰድብም እንዲሁ ነበር። «አንድም ተማሪ እንዲህ መልሶ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ያገኘች ልጅ ዘንድሮ የራሴን ጥያቄ ልታፈርስ? ተቆጣጣሪዋም ክፍሉን ለቃ ወጥታ ነበር። መልሱም ተሰርዞ የተቀየረው ልክ በዚያን ሰዓት ነው።»

ምክትሏ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ውሃውን ከየት አመጣሽው፣ ልጄ?»

«ከጥያቄ ወረቀቱ፣ እትዬ። ገጽ አምስት።» በቃሏ ወጣችው። «ውሃዋ የጉድጓድ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፣ ሳሙና ሲነካውም እንደ እርጎ ይቋጠራል።»

ምክትሏ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን አወጡ። ሦስት ጊዜ አነበቡት። «ዶክተር፣ ይሄ አለ እኮ።»

«እሱ...» ዶክተሩ እጁን ወዘወዘ። «ከድሮ ሪፖርት የገለበጥኩት ነው፤ ታሪኩ እውነተኛ እንዲመስል ያህል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ማን ያውቃል? ያኔ የነበረ አንድ ካርቶን ተሸካሚ።»

ይህ በተባለበት ክፍል ውስጥ ከእሱ ሁለት ክንድ ርቄ ተቀምጬ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ይህን ደቂቃ ነው የጠበቅሁት። ብዙ ጊዜ ሽፋን እየለጠፍኩ ንግግሬን አዘጋጅቼዋለሁ። «ካርቶን ተሸካሚው እኔ ነኝ፤ ማክሰኞ ቀን፣ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ውሃው ነው ብዬህ ነበር!» ሦስት ምስክር፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የሱ ፊት። ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ዶክተሩ ግን ቀጠለ። «የተጻፈ ሁሉ ይታያል ማለት አይደለም። እሷ ብቻዋን አላየችውም ነው የምለው። አንድ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ጠቁሟታል። ይጠየቅ!» ጣቱ ወደ እኔ ዞረ።

ልጅቷ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ፍርሃት ብቻ ነው፤ ስለ እኔ ምንም አታውቅም።

ያኔ ገባኝ። ያዘጋጀሁትን ብናገር እሱ ያፍራል፤ ‹ማን ጠቆማት?› የሚለው ጥያቄው ግን መልስ ያገኛል። «አዩ ምክትል፣ ጸሐፊው ሳሙናውን የሸጠው ሰው ነው!» ይላል። ማን ያምናታል? ደንቡ የማያውቅ ሰው ይጻፍ ይላል፤ እኔ ደግሞ ከዶክተሩ በላይ የማውቅ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ወረቀቱ ይሰረዛል። የኔ አፍ ሲከፈት የሷ በር ይዘጋል።

«ጋሼ» አሉ ምክትሏ፣ «ተቆጣጣሪዋ ስትወጣ ለልጅቷ ያሉት ነገር ነበር?»

«የለም። አንዲት ቃል አልወጣኝም።» ይህ እውነት ነው።

ዶክተሩ ወደፊት ዘንበል አለ። «የባህል መለኪያ ማለት ምንድን ነው?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«ማላመድስ?»

«አላውቅም።»

«ራስህ የጻፍከውን?»

«እኔ ፊደሉን ነው የያዝኩት፣ ነገሩን አልያዝኩም።» ይህ ውሸት ነው። እያንዳንዷን ቃል እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣታለሁ። «እርስዎ ራስዎ እጅ ነህ ብለውኝ ነበር። እጅ ምን ያውቃል?»

እመት ደንብ ሳል ሳል አለች። ምክትሏ ከመነጽራቸው በላይ ዶክተሩን አዩት።

«እንዲህ ብለውት ነበር?»

«ቀልድ ነው» አለ።

«ታዲያ ቀልድዎ ነው የሚመሰክርብዎ» አሉና ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ስድስቱም ከተሞች ሳሙናውን መልሰው ቢሆን ኖሮ ምን ትጽፊ ነበር?»

ይህ የሳሙና ሻጭ ሊያስጠናት የማይችለው ጥያቄ ነው። እኔም መልሱን አላውቅም ነበር።

ልጅቷ ጀሶዋን አቅፋ አሰበች። «ያኔ ባህልም ሊሆን ይችላል እላለሁ። ውሃም፣ ዋጋም፣ ሌላም። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ማንን ከማን ለይቼ አውቃለሁ? ወንዝ ዳር ሁለቱን ፎቶ፣ ጉድጓዱ ጋ ሁለቱን ሳሙና ሞክረው ይዩ ነበር የምለው።»

ምክትሏ ብዕራቸውን አነሱ። «ይበቃል። ወረቀቱ አይሰረዝም። ሌላ መምህር ያርመዋል፤ መመሪያውን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን እያየ። ዓርብ ውጤቱ ይለጠፋል።» ዶክተሩን አዩት። «እርስዎም ጥያቄውን የሚመጣው ዓመት ከመግባቱ በፊት ያንብቡት።»

ልጅቷ ከቢሮው ስንወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ጋሼ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ?» አለችኝ።

«ለምኑ? እኔ ምን አደረግሁ?»

«ዝም ስላሉ ነዋ! ሌላ ሰው ቢሆን ‹ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ› ብሎ ጉድ ያፈላብኝ ነበር። ሰው እኮ አላውቅም ማለት ያፍራል።»

«ሂጂ ልጄ፣ ሱቅሽ እንዳይዘጋብሽ» አልኳት። ሄደች፤ ደረጃው ላይ በግራ እጇ ብረቱን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወረደች።

ዶክተሩ ከኋላዬ ወጣ። እንደ ወትሮው በፍጥነት አልሄደም፤ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ክንዱ ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዟል።

«ለሐሙስ» ብሎ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። እሱ ግን እጁን አላነሳም፣ ሁለታችንም መጽሐፉን እንደ ያዝን ቀረን። ፊቴን አትኩሮ አየ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

«እንደው ቅድም ‹እጅ ምን ያውቃል› ስትል...» አለ። «ድምፅህን የሰማሁት መሰለኝ። በፊት የት ነው የማውቅህ?»

ኮሪደሩ ጭር ብሏል። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ሚዛኑ ወደ ግራ የሚያዘነብለው ሱቅ፣ ያልሳቀችው የባለሱቁ ሚስት። ዛሬ ግን ገና ማክሰኞ ነው፤ ውጤቱ የሚለጠፈው ዓርብ።

መጽሐፉን ከእጁ ሳብ አድርጌ ወሰድኩና ደረጃውን ወረድኩ።

«አንተ!» አለ ከላይ። «እኔ እኮ እየጠየቅሁህ ነው! አትሰማም?»

እግር ይሄዳል እንጂ አያስብም። ሄድኩ።